PG-13 ማለት ምንድን ነው? ፊልም ከመክፈታችን በፊት የምናልፋት ትንሽ ሳጥን

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን አሜሪካ የመጣች ሰሞን ነው። ቅዳሜ ማታ ፈንዲሻው ተዘጋጅቷል፣ ቡናው ሦስተኛ ላይ ደርሷል። የሰባት ዓመቷ ልጄ አያቷ ሥር ተወሽቃለች። የአስራ አራት ዓመቱ ወንድሟ ምንጣፉ ላይ ተዘርግቷል። እኔ ደግሞ በልጅነቴ የወደድኩትን አንድ የድሮ የጀብዱ ፊልም ከፈትኩ። ለየትኛው ዕድሜ እንደሚሆን የምትጠቁመው ሳጥን PG ትላለች። PG ከሆነማ ምን ችግር አለው ብዬ ነዋ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ትንሿ ፊቷን በአያቷ ነጠላ ሸፈነች። እማዬ ወደ እኔ ዞር ብላ «ይሄን ነው ለሕፃን ያመጣኸው?» አለችኝ። ምን ልበላት? የፊደሉ ትርጉም እንደ ፊልሙ ዕድሜ እንደሚለያይ ያወቅኩት ከዚያች ማታ በኋላ ነው።

እነዚህ ፊደሎች አሜሪካ ውስጥ የወጡት በ1968 ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። የሚሰጣቸው መንግሥት አይደለም፤ የትልልቆቹ ፊልም ሠሪዎች ማኅበር ነው። ፊልሙን አይተው ድምፅ የሚሰጡት ደግሞ ወላጆች ናቸው። ሥራውን ሲጀምሩ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ እንዲኖራቸው ይፈለጋል። ራሳቸውን የሚጠይቁት «ፊልሙ ጥሩ ነው ወይ?» ብለው አይደለም። «አብዛኛው አሜሪካዊ ወላጅ ይሄን ፊልም የትኛው ደረጃ ላይ ያስቀምጠዋል?» ነው ጥያቄው። አሜሪካዊ ወላጅ የሚለውን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ደረጃዎቹ አምስት ናቸው። G ለሁሉም ነው። PG ወላጅ ይምራ ይላል። PG-13 ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ የማይሆን ነገር ሊኖር ይችላልና ወላጅ በደንብ ይጠንቀቅ ማለት ነው። R ከሆነ ዕድሜው 17 ያልሞላ ልጅ ሲኒማ የሚገባው ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ጋር ነው። NC-17 ደግሞ ከአዋቂ ጋርም ቢሆን ልጅ አያስገባም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው PG-13 ላይ ነው። ክልከላ ይመስለዋል። አይደለም፣ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። በዚህ ደንብ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብቻውን ትኬት ቆርጦ ቢገባ የሚከለክለው የለም።

PG-13 ከመጀመሪያው አልነበረም። በ1984 የኢንዲያና ጆንስ ሁለተኛው ፊልም በPG ወጣ። አንድ ሰው በባዶ እጁ የሌላውን ልብ ከደረቱ መንጭቆ ሲያወጣ የሚያሳይ ፊልም ነው። ወላጆች ተንጫጩ። ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ ራሱ በPG እና በR መካከል አንድ ደረጃ ይኑር ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ PG-13 ተፈጠረ። ፊልሙ ግን እስከ ዛሬ PG እንደሆነ ነው። በ1975 የወጣው የሻርኩ ፊልም ጆውስም PG ነው፣ ባሕሩን በደም የሚያቀላው። ስለዚህ PG ስታዩ መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቱን እዩ። ከ1984 በፊት ከሆነ ፊደሉ ዛሬ በPG የምታውቁትን አይነት ፊልም አያመለክትም። እኔን ጉድ የሠራኝ ይኸው ነው።

ሌላው ነገር፣ ፊደሉ ብዙ ጊዜ የሚለካው የሚቆጠር ነገር ነው። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በ2010 የወጣው ዘ ኪንግስ ስፒች ስለሚንተባተብ የእንግሊዝ ንጉሥ ነው። ደም የለም፣ ራቁት ገላ የለም። አንድ ቦታ ላይ ግን አስተማሪው ምላሱ እንዲፈታ ብሎ ንጉሡን ስድብ ያስደረድረዋል። ያቺን በ«ኤፍ» የምትጀምረዋን ቃል ደጋግሞ ይላታል። በአሜሪካው ደንብ ቃሏ አንዴ፣ ያውም ለስድብ ብቻ ከተባለች PG-13 ውስጥ ትገባለች፤ ከዚያ ካለፈ ባብዛኛው R ነው። ፊልሙም R ተባለ። እንግሊዞች በመጀመሪያ 15 ሰጡት፣ ማለትም ከዚያ በታች ያለ ልጅ ከወላጁም ጋር አይገባም። አከፋፋዩ ይግባኝ ሲል ወደ 12A አወረዱት፤ 12 ዓመት ያልሞላው ከአዋቂ ጋር ይገባል። ስድቡ ያለው በንግግር ሕክምና ላይ ነው ብለውም ከሥሩ ጻፉበት። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ2011 ጥቂት ቃላት ድምፃቸው የጠፋበት ቅጂ ወጣና PG-13 አገኘ። ታሪኩ ያው፣ ንጉሡ ያው።

እንግዲህ ከፊደሉ ይልቅ ከሥሩ ያለችውን፣ ደረጃው ለምን እንደተሰጠ የምትናገረውን አጭር መስመር ማንበብ ይሻላል። «ፔሪል» ካለ ሰው አደጋ ላይ ይወድቃል፣ ልጅ ልብ ይሰቅላል ማለት ነው። «ሰጀስቲቭ» ካለ ወሲብ በቀጥታ ባይታይም በወሬና በሁኔታ ይጠቆማል። «ብሪፍ» ካለ አጭር ነው። «ፐርቬሲቭ» ካለ ከዳር እስከ ዳር ነው። በጣም የምጠራጠረው «ቴማቲክ ኤለመንትስ» የሚለውን ነው። ሞትም ሊሆን ይችላል፣ ፍቺም፣ በሽታም፣ ራስን ማጥፋትም። እሱን ሳይ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ አጣራለሁ። ከ1990 በፊት የወጡ ፊልሞች ባብዛኛው ይህ መስመር የላቸውም።

የማጣራው IMDb የሚባለው የፊልም መረጃ ድረ ገጽ ላይ Parents Guide የሚለውን ከፍቼ ነው። ወሲብና ራቁትነት፣ ድብድብና ደም፣ ስድብ፣ መጠጥና ሲጋራ፣ የሚያስፈራ ነገር በየርዕሱ ተከፋፍሎ ተቀምጧል። የሚጽፉት ተመልካቾች ናቸውና ሁሉን እንዳለ አትመኑ፤ የፊልሙን መጨረሻ የሚዘከዝኩበት ቦታም አለ። ግን የትኛው ትዕይንት ላይ ምን እንዳለ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ አሜሪካዊው ወላጅ ልመለስ። የእኛ ቤት ሚዛን ሌላ ነው። እማዬ ጦርነት ብታይ ቡናዋን ፉት እያለች ነው። መሳሳም ሲመጣ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል፣ አንዱ ይስላል፣ አንዱ ሪሞት ይፈልጋል። ያ መሳሳም PG ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ አሜሪካዊው ወላጅ ከቁብ አይቆጥረውም። ትንሿ ደግሞ የምትሰበረው በሐዘን ነው። የ1994ቱ ላየን ኪንግ G ነው፣ አባትየው ልጁ ዓይን ፊት ይሞታል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለእማዬ የፍቅሩን፣ ለትንሿ የሚያስፈራውን ርዕስ ቀድሜ አነበብኩ። ትልቁ የፈለገው PG-13 ድብድብ ብቻ ነበረበት፤ ለእማዬ ይሆናል፣ ለትንሿ አይሆንም። እሷ ከተኛች በኋላ እንዲሆን ተስማማን። ከዚያ በፊት ለሁሉም አንድ PG የካርቱን ፊልም ከፈትን።

በማግስቱ እማዬ ዩቲዩብ ላይ የአማርኛ ፊልም ካልከፈታችሁ አለች። እሱ ላይ ፊደልም መስመርም አልነበረም። ልጆቹ ሳይሰበሰቡ መሐል መሐሉን እየዘለልኩ አየሁት፤ አርባኛው ደቂቃ ላይ የመጠጥ ቤት ጠብ ብቻ አገኘሁ። «ይሄማ ምን አለበት?» አለችኝ እማዬ ከኋላዬ ቆማ።