ቀን የሚመስል ጽሑፍ ምንድን ነው? ሲደረደርስ ለምን ይዛባል?

«አምዱን ምረጥ፣ የሴሉን ፎርማት ወደ ቀን ቀይር፣ ከዚያ በትክክል ይደረደርልሃል።» በኤክሴል የቀን አምድ በትክክል አልደረደር ላለው ሰው ይህ ምክር በየቦታው ሲሰጥ አያለሁ። መካሪው አንድ ጊዜ ሞክሮት ቢሆን ኖሮ ምንም እንደማይለወጥ ያይ ነበር።

በቀን፣ በወርና በዓመት ቅደም ተከተል የተጻፈ አምድ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደር የሚወጣው ይህ ነው፦

```
03/11/2023
05/01/2024
12/03/2023
21/02/2022
```

ከሁሉም የሚቀድመው የ2022 ቀን ግርጌ ወርዷል። ኮምፒውተሩ ግን አልተሳሳተም። የተሰጠው ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍን ደግሞ የሚደረድረው እንደ መዝገበ ቃላት ነው። መዝገበ ቃላት የቃሉን ትርጉም አያይም፤ የመጀመሪያውን ፊደል ያነጻጽራል፣ እኩል ሲሆኑ ብቻ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። እዚህም 0 ከ1፣ 1 ከ2 ስለሚቀድም ዓመቱ ጋ ሳይደረስ ነገሩ አልቋል። ዓመቱ ፊት ላይ ሆኖ 2022-02-21 ተብሎ ቢጻፍ ያው መዝገበ ቃላት በትክክል ያሰልፈው ነበር፤ ወሩና ቀኑ ሁልጊዜ በሁለት አሃዝ እስከተጻፉ ድረስ።

ፎርማት መቀየር እንግዲህ የመዝገበ ቃላቱን ሽፋን መቀየር ነው፤ ውስጡ ያሉት ቃላት ቦታቸውን አይለቁም። ኤክሴል እውነተኛ ቀንን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው፦ ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ቁጥሩ 1 ሲሆን፣ ጃንዋሪ 5 ቀን 2024 ደግሞ 45296 ነው። ፎርማት የሚወስነው ያ ቁጥር ለዓይን እንዴት እንደሚታይ ብቻ ነው። ከሥሩ ቁጥር ከሌለ የሚያሳየው ነገር የለውም። በየትኛው በኩል እንዳላችሁ ይህ ይነግራችኋል፤ መልሱ FALSE ከሆነ የያዛችሁት ጽሑፍ ነው፦

```
=ISNUMBER(A2)
```

መፍትሔው ጽሑፉን ቆራርጦ ቀን መሥራት ነው። አጠገቡ ባዶ አምድ ክፈቱና፦

```
=DATE(RIGHT(TRIM(A2),4),MID(TRIM(A2),4,2),LEFT(TRIM(A2),2))
```

(በአንዳንድ ኮምፒውተር ከነጠላ ሰረዙ ይልቅ ; ይፈለጋል።) TRIM የገባው ለጌጥ አይደለም። ከዓመቱ ኋላ አንዲት የማትታይ ባዶ ቦታ ካለች RIGHT አራት ምልክት ሲወስድ «024 » ይይዛል፤ DATE ይህን 24 ብሎ ያነብና 1900 ይጨምርበታል፤ ቀናችሁ በ1924 ላይ ያርፋል። ሌላም አለ፦ DATE የሌለ ቀን አይቃወምም። 31/02/2024 ብትሰጡት ስሕተት ነው ሳይል ማርች 2 ያደርገዋል። 5/1/2024 ተብሎ ያለ ዜሮ የተጻፈ ካለ ደግሞ ፎርሙላው ቆረጣውን ይስታል፤ ያኔ Data ውስጥ Text to Columns ከፍቶ በመጨረሻው ገጽ Date: DMY መምረጥ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ድብልቅ አምድ ነው። ፋይሉ ወርን በሚያስቀድም ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት 05/01/2024 በዝምታ ሜይ 1 ይሆናል፣ 12/03/2023 ዲሴምበር 3 ይሆናል። 21/02/2022 ግን ሃያ አንደኛ ወር ስለሌለ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ሲደረደር ቁጥሮቹ ከላይ፣ ጽሑፎቹ ከታች ይሰበሰባሉ። ከታች የቀሩት ሁሉ ከ13 ጀምሮ ባለ ቀን የሚጀምሩ ከሆነ የደረሰው ይኸው ነው። በዚህ ጊዜ ያ መካሪ ብቅ ብሎ «አብዛኛው ተስተካክሏል፤ የቀሩትን ጥቂቶች በእጅ ጻፍ» ይላል። ነገሩ ግልባጩ ነው፦ ጤነኞቹ የቀሩት ናቸው፤ «ተስተካከሉ» የተባሉት ቀንና ወራቸው ተለዋውጧል፤ 03/03 ዓይነቶቹ ብቻ በዕድል ተርፈዋል። የተለዋወጡትን የሚመልሰው ይህ ነው፦

```
=DATE(YEAR(A2),DAY(A2),MONTH(A2))
```

ይህን የምትጠቀሙት ግን ISNUMBER TRUE ባለባቸው ረድፎች ላይ ብቻ፣ ያውም ሁሉም ከዚያው ፋይል እንደመጡ እርግጠኛ ስትሆኑ ነው። ከመካከላቸው አንድ ሰው ኋላ ላይ በትክክል የጻፋቸው ቀኖች ካሉ አምዱን ብቻ በማየት ከተለዋወጡት መለየት አይቻልም። ያኔ ወደ መጀመሪያው የጽሑፍ ፋይል ተመልሳችሁ፣ በምታስገቡበት ጊዜ ያንን አምድ DMY ብላችሁ መሰየም ነው ያለው መንገድ።