ካርድ ሳያወጡ ከባንክ መክፈል፦ «Pay by bank» በእንግሊዝ እንዴት ይሠራል?

በእንግሊዝ ኦንላይን ዕቃ ስትገዙ መክፈያው ገጽ ላይ ከካርዱ ምርጫ አጠገብ «Pay by bank» የሚል ቁልፍ ልታዩ ትችላላችሁ። ይህን የሚነካ ሰው የካርድ ቁጥር አይጽፍም። ከካርዱ ጀርባ ያለችውን ሦስት አኃዝም አይፈልግም። ወደ ራሱ ባንክ ይወሰዳል፣ እዚያ ያጸድቃል፣ ከዚያ ወደ ሱቁ ገጽ ይመለሳል። ገንዘቡ በካርድ ድርጅቶች በኩል ሳያልፍ ከሒሳቡ ይወጣል። የአገሪቱ ግብር ሰብሳቢ ኤችኤምአርሲም በዚሁ መንገድ ግብር ይቀበላል።

አሠራሩ የቆመው እ.ኤ.አ. ከጥር 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ፒኤስዲ2 በተባለው የአውሮፓ የክፍያ ሕግ ላይ ነው። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ብትወጣም ሕጉን የራሷ አድርጋ ይዛዋለች። ሕጉ በሱቁና በባንኩ መካከል ሦስተኛ ወገን እንዲገባ ፈቀደ። ይህ ወገን ክፍያውን የሚያስጀምር ድርጅት ነው፤ የአገሪቱ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ኤፍሲኤ ፈቃድ ሊሰጠው የግድ ነው። ባንኮቹም በር እንዲከፍቱለት ተገደዱ።

ከዚያ በፊትም ተመሳሳይ ነገር ነበር፣ ግን ያስፈራ ነበር። ጀርመን ውስጥ የታወቀው ሶፎርት ደንበኛው የኦንላይን ባንክ የሚስጥር ቁጥሩን ሶፎርት ገጽ ላይ እንዲጽፍ ይጠይቅ ነበር። ከዚያ በደንበኛው ስም ገብቶ ገንዘቡን ያስተላልፋል። አሁን የሚስጥር ቁጥሩ ከባንኩ ውጭ የትም አይጻፍም። ደንበኛውን ወደ ባንኩ ማዛወር ያስፈለገውም ለዚሁ ነው።

አንድ ግዢ ይዘን እንከተል። አንዲት ገዢ በስልኳ የ90 ፓውንድ ጫማ መርጣ ቁልፉን ነካች፣ ከዝርዝሩም ባንኳን መረጠች። እሷ ሳታየው ከጀርባ አንድ ነገር ይሆናል። አስጀማሪው ድርጅት ለባንኳ «90 ፓውንድ፣ ለዚህ ተቀባይ፣ በዚህ መለያ ልትከፍል የምትፈልግ ሰው ልልክልህ ነው» ብሎ ያስመዘግባል። ባንኩም ለዚያች ጥያቄ ConsentId የሚባል ቁጥር ይሰጣል። ገዢዋ ወደ ባንኳ የምትሄድበት ሊንክ ይህን ቁጥር ይዟል።

ስልኳ ላይ የባንኳ አፕ ካለ ሊንኩ ቀጥታ አፑን ይከፍተዋል። ከሌለ የባንኩ ድረ ገጽ ይመጣል። በአሻራዋ ወይም በፊቷ ትገባለች። ስክሪኑ ላይ መጠኑንና የተቀባዩን ስም ታያለች፣ ከየትኛው ሒሳብ እንደሚወጣ ትመርጣለች፣ ታጸድቃለች። ማጽደቋ ከዚያ መጠንና ከዚያ ተቀባይ ጋር የታሰረ ነው። ከዚያ በኋላ አንዱ 90ን 95 ላድርግ ቢል ባንኩ አይቀበለውም። ካርድ ላይ ግን ቁጥሩ አንዴ ከተሰረቀ ሌባው የፈለገውን መጠን ሊሞክርበት ይችላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ገዢዋ አጸደቀች ማለት ገንዘቡ ወጣ ማለት አይደለም። ባንኩ ወደ መጣችበት ሲመልሳት አብሯት የሚልከው አንዴ ብቻ የሚሠራ፣ ቶሎ ጊዜው የሚያልፍ ኮድ ነው። አስጀማሪው ድርጅት ይህን ኮድ ለባንኩ አቅርቦ የመግቢያ ፈቃድ ይቀበላል። የክፍያ ትእዛዙን የሚያስገባው ከዚያ በኋላ ነው። ገንዘቡ የሚንቀሳቀሰው ያኔ ነው፤ እሱም ፋስተር ፔይመንትስ በሚባለው የአገሪቱ የፈጣን ዝውውር ሥርዓት ብዙ ጊዜ በሰከንዶች ውስጥ ይደርሳል።

እንግዲህ ልክ አጽድቃ ሳትመለስ የስልኳ ባትሪ ቢያልቅስ? ኮዱ አስጀማሪው ጋ አልደረሰም፣ ትእዛዙም አልገባም፣ 90 ፓውንዱ ሒሳቧ ውስጥ ነው። እሷ ግን «ከፍያለሁ» ብላ ጫማ ትጠብቃለች። ተቃራኒውም ያጋጥማል። ትእዛዙ ገብቶ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ የሱቁ ገጽ ተንጠልጥሎ ይቀርና ሰው ተናዶ እንደገና ይከፍላል። በሁለቱም ጊዜ እውነቱ የሚገኘው የባንኩ አፕ ውስጥ ነው። ሁለተኛ ከመክፈላችሁ በፊት የሒሳብ እንቅስቃሴውን ክፈቱ። ወጪው እዚያ ከታየ ሱቁን የክፍያ መለያውን ይዛችሁ ጠይቁ።

ሌላ የተለመደ ጣጣ አለ። ገዢዋ ሱቁን የከፈተችው ፌስቡክ ውስጥ ባለው ብራውዘር ከሆነ፣ ባንኩ ሲመልሳት የስልኳ ዋና ብራውዘር ላይ ልትወድቅ ትችላለች። እዚያ ሱቁ አያውቃትም፣ ዘንቢሏም ባዶ ነው። ክፍያው ላይ ችግር ላይኖር ይችላል፣ ገጹ ግን ያስደነግጣል።

በዚህ የተነሳ ነገሩን የሚያውቅ ነጋዴ የገዢውን መመለስ አይጠብቅም። አስጀማሪው ድርጅት ከጀርባ የሚልክለትን የክፍያ ሁኔታ ይጠብቃል። ሁኔታዎቹ አጫጭር ምልክት አላቸው። ACSP ባንኩ ትእዛዙን ተቀብሎ ሂደት ላይ ነው ማለት ነው። ACSC ከከፋዩ በኩል አልቋል ማለት ነው። ACCC ደግሞ ተቀባዩ ሒሳብ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ACSP ላይ ውድ ስልክ የሚልክ ሱቅ ድፍረቱ ይገርማል። ባንኩ ጥርጣሬ ገብቶት ክፍያውን ለማጣራት ሊይዘው ይችላልና።

ገዢው በኩል ደግሞ ጥንቃቄው የባንኩ ስክሪን ላይ ነው። የሚስጥር ቁጥር የምትጽፉበት ቦታ የባንካችሁ አፕ ወይም የባንካችሁ አድራሻ መሆኑን እዩ። የሱቁ ገጽ ራሱ የባንክ ፓስወርድ ከጠየቃችሁ ዝጉት። የተቀባዩ ስም ግን ሱቁ በሚታወቅበት ስም ላይመጣ ይችላል። ሕጋዊ የድርጅት ስሙ ወይም አስጀማሪው ድርጅት ሊሆን ይችላልና በዚህ ብቻ አትደንግጡ፣ ይልቅ ከመክፈያው ገጽ ጋር አስተያዩት።

ድክመቱ የሚታየው ዕቃው ሳይመጣ ሲቀር ወይም የተበላሸ ሲመጣ ነው። ካርድ ላይ ባንኩ ገንዘቡን ከነጋዴው መልሶ እንዲጎትት መጠየቅ ይቻላል። በክሬዲት ካርድ ከሆነ ደግሞ በእንግሊዝ ሕግ ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ ዋጋ ላለው ዕቃ አበዳሪው ከነጋዴው እኩል ተጠያቂ ነው። በባንክ ዝውውር ይህ የለም። ከጥቅምት 7 ቀን 2024 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ባንኮች በአጭበርባሪ ተታሎ ገንዘብ ላስተላለፈ ሰው እስከ 85,000 ፓውንድ እንዲመልሱ ተገደዋል። ይህ ግን የማጭበርበር ጉዳይ ነው፤ ከእውነተኛ ሱቅ ጋር በዕቃ ጥራት የተነሳን ክርክር አይሸፍንም።

ሱቁ ራሱ ልመልስ ካለ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ የገዢዋን ሒሳብ ቁጥር መቼ አየና? ለዚህ አስጀማሪው ድርጅት ክፍያውን ሲያስመዘግብ ባንኩ የከፋዩን ሒሳብ ለተመላሽ እንዲያሳውቀው አስቀድሞ መጠየቅ ይችላል። ሳይጠይቅ የቀረ እንደሆነ ሱቁ ለገዢዋ ኢሜይል ጽፎ ስድስት አኃዝ ያለውን የባንክ ኮድና ስምንት አኃዝ ያለውን የሒሳብ ቁጥር እንድትልክለት ይለምናል። እሷም በዚያ ሰዓት ኢሜይሉ በእርግጥ ከሱቁ መምጣቱን ማጣራት አለባት።