የገዢ ጥበቃ ምንድን ነው? ዕቃው ሐረር ሳይደርስ የሚያልቀው ጊዜ

ሐረር ፈረስ መጋላ ቆማችሁ ወደ ጀጎል ውስጥ ቁልቁል ስትወርዱ የስፌት መኪና ድምፅ ይቀበላችኋል። መንገዱም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ድምፅ ነው፤ መኪና ግርግር። እዚያ አንድ ልብስ ሰፊ ወዳጅ አለኝ። ባለፈው ዓመት የመኪናውን ሞተር በሰርቮ ሞተር ሊቀይር ፈለገ። አሮጌው ክላች ሞተር መርገጫው ባይነካም ቀኑን ሙሉ ይሽከረከራል። መብራት ይበላል፣ ይጮኻል። ሰርቮ ሞተር ግን የሚዞረው ሲረገጥ ብቻ ነው። እዚህ የተጠየቀው ዋጋ ስለከበደው ከቻይና በኢንተርኔት ለማስመጣት ወሰነ። ካርድ ስለሌለው አሜሪካ ያለችው እህቱ ከፈለችለት።

ዕቃው መጣ። ካርቶኑን ከፍተን ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ የብረት ሳህን አየን። 110 ቮልት ይላል። የኛ መብራት 220 ነው። ሻጩ ገጹ ላይ የጻፈውም 220 ነበር። «አቦ! የገዢ ጥበቃ አለው ብለውኝ አልነበር እንዴ?» አለኝ። ነበረው። ግን ጊዜው ካለፈ 25 ቀን ሆኖታል።

የገዢ ጥበቃ የሚባለው ነገር በመሠረቱ አደራ ነው። አሊባባን ወይም አሊኤክስፕረስን በመሰለ የኢንተርኔት መገበያያ መድረክ ላይ ስትከፍሉ ገንዘቡ ወዲያው ሻጩ ኪስ አይገባም። መድረኩ መሀል ላይ ይዞት ይቆያል። ዕቃው ካልደረሰ፣ ወይም የደረሰው ገጹ ላይ ከተጻፈው የተለየ ከሆነ፣ ቅሬታ ከፍታችሁ ገንዘባችሁን ትጠይቃላችሁ። ዝም ካላችሁ ወይም «ደርሶኛል» የሚለውን ቁልፍ ከተጫናችሁ ገንዘቡ ለሻጩ ይለቀቃል። አደራው የቀን ገደብ አለው። ሰው ሲገዛ ዋጋውንና ፎቶውን ያያል፤ ይህን ገደብ የሚያየው ጥቂት ነው።

የወዳጄን ቀኖች ልቁጠርላችሁ። ጥቅምት 1 ተከፈለ። ሻጩ ዕቃውን የላከው ወደ ሐረር አልነበረም፤ እዚያው ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ወዳለው የካርጎ መጋዘን ነው። ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ይህንኑ መንገድ ነው፤ የካርጎው ሰው የብዙ ሰው ዕቃ ሰብስቦ በአንድ ላይ ይጭናል። ጥቅምት 10 የመጋዘኑ ሠራተኛ ፈርሞ ተቀበለ። ለመድረኩ ዕቃው «ደረሰ» ማለት ይሄ ነው። በዚያ ትዕዛዝ ላይ ቅሬታ ለመክፈት የተሰጠው ጊዜ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን ስለነበር፣ ኅዳር 10 ተዘጋ። ዕቃው ግን ያኔ ገና መንገድ ላይ ነው። በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በየብስ ድሬዳዋ፣ ከድሬ ሐረር። እጃችን የገባው ታኅሣሥ 5 ነው።

ስለዚህ ከውጭ ሻጭ ስትገዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ ይሄ ነው፦ ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ከየት ነው? ዕቃው በቀጥታ በስማችሁ ወደ ኢትዮጵያ የሚላክ ከሆነ፣ ቆጠራው በአብዛኛው መንገዱንም ያካትታል። ከዘገየም ቀኑ ከማለቁ በፊት ሻጩ እንዲያራዝም መጠየቅ ይቻላል። በካርጎ ከሆነ ግን ጥበቃው የሚሠራው ዕቃው መጋዘን እስካለ ድረስ ነው ብላችሁ አስቡት። መፈተሽ ያለበትም እዚያው ነው። የካርጎው ሰው ካርቶኑን ከፍቶ ሁለት ፎቶ እንዲያነሳላችሁ ጠይቁት፤ አንዱ የዕቃውን ሁለንተና፣ ሌላው የቮልት ሳህኑን። ለዚህ ትንሽ ክፍያ የሚጠይቁ አሉ። ክፈሉ። ተሳስቶ ከመጣ ከጓንዡ መልሶ መላክ የአገር ውስጥ መላኪያ ዋጋ ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የመመለሻ ደንብ ነው። «በ30 ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» የሚል ጽሑፍ ብዙ ሻጭ ጋር አለ። ቀጥሎ ያለውን መስመር አንብቡ፤ የመላኪያውን ማን ይከፍላል? የት አገር ወዳለ አድራሻ ነው የሚመለሰው? ያ ሞተር አምስት ኪሎ ገደማ ነው። ከሐረር ወደ ቻይና በፖስታ መልሶ መላክ ከሞተሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። «መላኪያውን ገዢው ይሸፍናል» የሚል ደንብ ለኛ «አይመለስም» ማለት ነው ማለት ይቻላል። ነጻ መመለሻ የሚሉትም ብዙ ጊዜ የመመለሻ መጋዘን ላለባቸው አገሮች ብቻ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን በመድረኩ መልእክት ጠይቁት፦ «የተሳሳተ ዕቃ ከላክህ፣ ሳልመልስ ገንዘቤን ትሰጠኛለህ?» መልሱ ቢያንስ በጽሑፍ ይቀራል።

በጽሑፍ የሚለውን ደግሜ ልበለው፤ ወዳጄን ያተረፈው እሱ ነው። ከመግዛቱ በፊት ሻጩን «220 ቮልት ነው?» ብሎ ጠይቆት ነበር። ሻጩም «አዎ፣ 220» ብሎ መልሷል። ንግግሩ የተደረገው እዚያው መድረኩ ላይ እንጂ በዋትስአፕ አልነበረም። ገጹ በኋላ ተቀይሯል፤ ታኅሣሥ ላይ ስናየው ሁለት ምርጫ ተጨምሮበት 110 እና 220 ይላል። ስክሪንሹት አልያዝንም ነበር። መልእክቱ ግን እዚያው ነበር።

የመድረኩ በር ሲዘጋ ሌላ በር ቀርቶን ነበር፤ የእህቱ ካርድ። በቪዛና በማስተርካርድ ሲከፈል የካርዱ ባለቤት በባንኩ በኩል ክፍያውን መቃወም ይችላል። ጊዜውም በአብዛኛው እስከ 120 ቀን ነው። ከጥቅምት 1 እስከ ታኅሣሥ 5 ቢቆጠር 64 ቀን ነው። ገና አላለቀም። ነገር ግን መብቱ የካርዱ ባለቤት ነው። ዘመድ ሲከፍልልን ይህን እንረሳለን። ባንኩ ከወዳጄ ጋር አይነጋገርም፤ ከእህቱ ጋር ነው። እሷ ሥራ በዝቶባት ስልክ ባትደውል ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ዘመድ ካርድ ስታስወጡ «ችግር ቢመጣ ለባንክህ ትደውልልኛለህ?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም።

ባንኩ ሦስት ነገር ጠየቃት። ምን ተብሎ እንደተሸጠ፣ ምን እንደመጣ፣ ከሻጩ ጋር ለመስማማት ምን እንደተሞከረ። ለመጀመሪያው የቮልቱን መልእክት ላከች። ለሁለተኛው የሳህኑን ፎቶ። ለሦስተኛው ለሻጩ «ዕቃውን ልመልስልህ፣ አድራሻ ላክ» ብላ ጻፈችለት። አድራሻ አልላከም። «ሌላ እልክልሻለሁ፣ ግን አቤቱታውን ዝጊ» አላት። አልዘጋችም። ይህ በጣም የታወቀ ነገር ነው። አቤቱታ አንዴ ከተዘጋ ጊዜው አልፎ ላይከፈት ይችላል፤ ሌላ ዕቃ ይላክልሃል ማለትም ቀኑን ማስጨረሻ ነው። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ባንኩ ገንዘቡን መለሰላት።

በምን መንገድ እንደሚከፈል ሁሉን ይወስናል። በፔይፓል ከሆነ አቤቱታ ለማቅረብ ከከፈላችሁበት ቀን 180 ቀን አላችሁ። ነገር ግን ክፍያው «ለዕቃ ግዢ» ተብሎ መላክ አለበት። «ለወዳጅና ለቤተሰብ» ተብሎ ከተላከ ምንም ጥበቃ የለውም። በዌስተርን ዩኒየን ወይም በቀጥታ የባንክ ዝውውር የተላከ ገንዘብ ደግሞ አንዴ ከተወሰደ በኋላ ለማስመለስ እጅግ ከባድ ነው። ሻጩ ጥሩ ሰው መስሎ «ከመድረኩ ውጪ ብትከፍል አምስት በመቶ እቀንስልሃለሁ» ሲል የሚቀንሰው አደራውን ነው። አሊባባም ላይ ትሬድ አሹራንስ የሚባለው ጥበቃ የሚሠራው ክፍያው በራሱ በመድረኩ በኩል ሲያልፍ ብቻ ነው።

ስለ ገዢዎች አስተያየት አጭር ልበል፤ ብዙ ሰው በእሱ ብቻ ይተማመናልና። 4.8 ኮከብ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። አንድ፣ ሁለትና ሦስት ኮከብ የሰጡትን አንብቡ፤ የዕቃው እውነተኛ ችግር የሚገኘው እዚያ ነው። ከዚያ ቀኖቹን እዩ። ሃምሳ አስተያየት በሦስት ቀን ውስጥ ተጽፎ ከዚያ በኋላ ጸጥ ካለ ጥርጣሬ ይግባችሁ። ፎቶዎቹንም እዩ። የዚያን ሞተር ገጽ ወደ ኋላ ሄደን ስናነብ፣ የቆዩት አስተያየቶች ስለ ስፌት መኪና መብራት ነበሩ! ሻጩ ሌላ ዕቃ ይሸጥበት የነበረውን ገጽ ይዞ፣ ስሙንና ፎቶውን ቀይሮ ሞተር አድርጎታል። ኮከቦቹ የመብራቱ ናቸው። እኛ ያየነው ቁጥሩን እንጂ የሰዎቹን ፎቶ አልነበረም።

አሊባባ ላይ «ጎልድ ሰፕላየር» የሚለው ምልክትም ብዙ ሰው ያሳስታል። እሱ ሻጩ ለመድረኩ ዓመታዊ ክፍያ የሚከፍል አባል መሆኑን ነው የሚያሳየው። ስለ ዕቃው ጥራት የሚናገረው የለም። «ቬሪፋይድ» የሚለው ይሻላል፤ ድርጅቱን ሦስተኛ ወገን ሄዶ አይቶታል ማለት ነው። ያም ቢሆን ድርጅቱን ነው ያየው፤ ለእናንተ የታሸገችውን ካርቶን አላያትም።

ወዳጄ በመጋቢት ሌላ ሞተር አዘዘ። በዚህኛው ጊዜ የካርጎውን ሰው አስቀድሞ አነጋገረው። አንድ ማታ መደብሩን ሊዘጋ ሲል ስልኩ ጮኸ። ከጓንዡ ሁለት ፎቶ መጥቷል። ሁለተኛውን በጣቱ አጉልቶ አሳየኝ፤ 220 ቮልት፣ 550 ዋት። «ጫነው» ብሎ ጻፈለት።