ለኪራይ ጭማሪ የሚጻፍ መልስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ስድስት ዓመት ኖሬበታለሁ። ይህን አይቶ ጭማሪውን ሊተወው ይገባል።»

ስድስት ዓመት ብቻውን ብዙም አያሳምንም። እንዲያውም አከራዩ ገልብጦ ሊያየው ይችላል፦ «ስድስት ዓመት በርካሽ ኖረ፣ ይበቃዋል።» ዓመታቱ ክብደት የሚኖራቸው ለእሱ ምን እንዳተረፉለት ሲሰላ ነው።

ነባር ተከራይ ሲወጣ የሚሆነውን አስቡት። ቤቱ ይቀባል። የሚያንጠባጥበው ቧንቧና የላላው ቁልፍ ይሠራል። ማስታወቂያ ይወጣል ወይም ደላላ ይጠራል። ሰው መጥቶ ያያል፣ «ደውዬ አሳውቃለሁ» ብሎ ይጠፋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ቤቱ ባዶ ነው። አንድ ወር ባዶ ከዋለ ከዓመቱ ኪራይ ከ8 በመቶ በላይ ሄደ ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። ኪራዩ በወር 1,000 ነው እንበል፤ በየትኛውም ገንዘብ ቢሆን ስሌቱ ያው ነው። አከራዩ 1,200 አለ። ተከራዩ «1,080 ልክፈል» አለ። በዚህ ከተስማሙ አከራዩ በዓመት 12,960 ያገኛል።

ተከራዩ ወጥቶ አዲስ ሰው በ1,200 ቢገባስ? ቤቱ አንድ ወር ባዶ ከዋለ የ11 ወር ኪራይ 13,200 ነው። ለደላላ የአንድ ወር፣ ለቀለምና ለጥገና የግማሽ ወር ኪራይ ቢወጣ 1,800 ይቀነሳል። የሚተርፈው 11,400 ነው። በሁለተኛው ዓመት አዲሱ ሰው ሙሉ 14,400 ይከፍላል። የሁለቱ ዓመት ድምር 25,800 ሆነ። ነባሩ በ1,080 ሁለት ዓመት ቢቆይ ደግሞ 25,920። አከራዩ ያን ሁሉ ደፋ ቀና ብሎ ከሁለት ዓመት በኋላም 120 ከስሯል።

ግን ስሌቱ ሁልጊዜ ለተከራይ አያደላም። ተመሳሳይ ቤት በአካባቢው 1,500 የሚከራይ ከሆነ አዲስ ሰው ማስገባት በመጀመሪያው ዓመት ራሱ ያዋጣዋል። ቤት ፈላጊ በዝቶ ቤቱ በሦስት ቀን የሚያዝ ከሆነም ባዶ ወር የሚባል ነገር የለም። የደላላውን የሚከፍለው ገቢው ተከራይ ከሆነ ያ ወጪ ከሂሳቡ ይወጣል። ስለዚህ መልስ ከመጻፋችሁ በፊት ሦስት አራት ተመሳሳይ ቤቶች ስንት እንደሚጠየቅባቸውና ስንት ጊዜ ሳይከራዩ እንደሚቆዩ አጣሩ። የምትጠይቁት ቁጥር የሚወጣው ከዚያ ነው።

«በሰዓቱ መክፈል ግዴታዬ ነው። በየትኛው አፌ እንደ ውለታ አነሳዋለሁ?»

እንደ ውለታ አታንሱት፤ እንደ መረጃ አቅርቡት። አከራይ ስለ አዲስ ተከራይ ከሁሉ በላይ የሚጨንቀው «ይከፍላል ወይ?» የሚለው ነው። ስለ እናንተ ግን መልሱን ያውቃል። ማስታወስ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

«ሁልጊዜ በጊዜው እከፍላለሁ» ማንም ይላል። «ከ72 ክፍያዎች 71ዱ በቀናቸው ገብተዋል» የሚለው ግን የቆጠረ ሰው ንግግር ነው። የባንክ ስቴትመንቱን አውጡ፣ ቀኖቹን አንድ በአንድ ቁጠሩ። በእጅ የምትከፍሉ ከሆነ ደረሰኞቹን ሰብስቡ።

የዘገየ ክፍያ ካለ ራሳችሁ አንሱት። እኔ አንድ ጊዜ «አንድም ቀን አላሳለፍኩም» ብዬ በሙሉ ልብ ጻፍኩ። ሰውየው ደብተሩን ገልጦ ሁለት ቀን አሳየኝ። ከዚያ በኋላ የተቀረውን የጻፍኩትን ማን ይስማ?

«ካላስፈራራሁት አይሰማኝም። እወጣለሁ ልበለው።»

መሄጃ ሳይዙ «እወጣለሁ» ማለት አደጋ አለው፤ አከራዩ «መልካም፣ መቼ?» ካለ አለቀ። መውጣታችሁ የሚያስከትልበትን ወጪ እሱም ማስላት ይችላል። በእናንተ መልስ ውስጥ መኖር ያለበት ተቃራኒው ነው፤ መቆየት እንደምትፈልጉና በምን ዋጋ እንደሆነ። የጣሪያውንና የውሃውን ስሞታም በዚህ ደብዳቤ ላይ አትከምሩት። ጥገናው ይጠየቅ፣ ግን ለብቻው።

ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ ቁጥር መጻፍን ነው። «ትንሽ ቢቀንሱልኝ» ሲባል ትንሽ የሚለውን የሚወስነው አከራዩ ነው። ከላይ ላለው ሁኔታ እንዲህ ቢጻፍ ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ኪራዩ 1,200 እንዲሆን የጻፉልኝ ደርሶኛል። ወጪ እንደጨመረብዎ ይገባኛል፤ ጭማሪ አይኑር አልልም። በቤቱ 6 ዓመት ኖሬያለሁ። ከ72 ክፍያዎች 71ዱ በቀናቸው ገብተዋል፤ አንዱ የዘገየው አስቀድሜ ነግሬዎ በ4 ቀን ነው። የባንክ ዝርዝሩን አያይዣለሁ። መቆየት እፈልጋለሁ። ኪራዩ 1,080 ሆኖ የ2 ዓመት ውል ብንፈራረም ምን ይላሉ? ከወሩ መጨረሻ በፊት በሚመችዎ ቀን መጥቼ ብንነጋገር ደስ ይለኛል።»

የሁለት ዓመቱ ውል ለአከራዩ የሚሰጥ ነገር ነው፤ ቤቱ ባዶ እንደማይሆን ያረጋግጥለታል። ሥራ ልትቀይሩ ወይም ከተማ ልትለቁ የምታስቡ ከሆነ ግን አትጻፉት። ውሉ እናንተንም ያስራል።

«1,080 አይሆንም» ካለ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ መሃል ላይ መገናኘት ነው፣ ለምሳሌ 1,120። ሌላው ጭማሪውን በሁለት ደረጃ ማድረግ ነው፤ ስድስት ወር 1,100፣ ከዚያ 1,200። 1,200 ከመክፈል ጋር ሲነጻጸር ሁለተኛው በመጀመሪያው ዓመት 600 ያተርፍላችኋል፣ የመጀመሪያው 960። ለእኔ የመጀመሪያው ይሻላል። የከርሞው ጭማሪም የሚሰላው በደረሳችሁበት ዋጋ ላይ ነው፤ ከ1,200 መነሳትና ከ1,120 መነሳት አንድ አይደሉም።

«መልስ ሳልሰጥ የድሮውን እየከፈልኩ ብቆይስ?»

ዝምታው እንደ እምቢታ ሳይሆን እንደ ውዝፍ ዕዳ ሊቆጠርባችሁ ይችላል። ያኔ ያ የ72 ወር መልካም መዝገብ ይበላሻል። በተቃራኒው፣ ሳትነጋገሩ አዲሱን ዋጋ አንድ ጊዜ እንኳ መክፈል እንደ ስምምነት የሚታይበት ቦታ አለ። ስለዚህ አስቀድማችሁ ውሉንና የምትኖሩበትን አገር ሕግ እዩ። ጭማሪ ስንት ወር ቀደም ብሎ መነገር አለበት? ጣሪያ አለው? ውሉ ሳያልቅ መጨመር ይፈቀዳል? ጭማሪው ከእነዚህ አንዱን የሚጥስ ከሆነ ልመናው ቀርቶ እሱን በትሕትና መጥቀስ ነው።

በቃል ከተስማማችሁም በዚያው ቀን አጭር መልእክት ላኩ፦ «ዛሬ እንደተነጋገርነው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ኪራዩ 1,120 ነው፣ ለ2 ዓመት። ውሉን መቼ እንፈርም?»