የሬዲዮ የስንብት ንግግር ምንድን ነው?

ለብዙ ዓመታት የአድማጮችን የሮክ ምርጫ ሲያጫውት የኖረ አቅራቢ ጡረታ ሲወጣ፣ በመጨረሻው ምሽት ማይክሮፎኑ ላይ ጥቂት ደቂቃ ለራሱ ይወስዳል። በዚያች ጊዜ የሚናገረው ነው የስንብት ንግግር የሚባለው። አዳራሽ ውስጥ ከሚደረገው የጡረታ ሽኝት በጣም ይለያል። አዳራሽ ውስጥ የሚመሰገኑት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ አለቃውም፣ ባልደረባውም፣ ቤተሰቡም ይታያሉ። ሬዲዮ ላይ የሚመሰገነው ሰው አይታይም። ደግሞም ይህ ሰው ተራ አድማጭ ብቻ አይደለም። በምርጫ ፕሮግራም ላይ ምን እንደሚጫወት የወሰነው እሱ ነው። በደብዳቤ፣ በስልክ፣ በኋላም በአጭር መልእክት «ይጋበዝልኝ» እያለ ፕሮግራሙን አብሮ የሠራው እሱ ነው።

ስለዚህ ጥሩ የስንብት ንግግር የአቅራቢው የሕይወት ታሪክ አይደለም፤ ለመራጮቹ የሚሰጥ ምስጋና ነው። በእኔ እምነት አብዛኛው ስንብት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አቅራቢው መቼ እንደተቀጠረ፣ ማን እንዳሰለጠነው፣ በየትኛው ስቱዲዮ እንደጀመረ ሲዘረዝር ሦስቱ ደቂቃ ያልቃል። አድማጩም «እኔስ?» ብሎ ይቀራል።

አየርላንዳዊው ቴሪ ዎጋን እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ከቢቢሲ ሬዲዮ 2 የጠዋት ፕሮግራሙ ሲሰናበት በሚሊዮን የሚቆጠር አድማጭ ነበረው። የመጨረሻ ምስጋናው ግን «ጓደኛዬ ስለሆንክ» የሚል ነበር፤ ለአንድ ሰው እንደሚነገር። ሬዲዮ የሚደመጠው ብዙውን ጊዜ በብቸኝነት ነው፤ መኪና ውስጥ፣ ማጀት ውስጥ፣ የሌሊት ተረኛ ቤት ውስጥ። በዚያው ጣቢያ የሮክ ፕሮግራም የነበረው ጆኒ ዎከርም በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጤናው አላስችል ሲለው ከ58 ዓመት የሬዲዮ ሥራ ተሰናበተ። መልቀቁን ራሱ በአየር ላይ ለአድማጮቹ ነገራቸው። የመጨረሻ ፕሮግራሙን የሠራው ከዚያ ከሳምንታት በኋላ ነው። ይህ ክፍተት ትልቅ ነገር ነው። አድማጭ ቀድሞ ካላወቀ የመጨረሻ ምርጫውን መላክ አይችልም።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንምጣና አንድ አቅራቢ እናስብ። ቤቱ ኮተቤ፣ ካራ አካባቢ ነው እንበል። ፕሮግራሙ ምሽት 5 ሰዓት ላይ ያልቃል። 5 ሰዓት ሲሞላ ዜና ስለሚገባ አንድ ሴኮንድ እንኳ ማሳለፍ አይቻልም። ለመዝጊያ አድማጮች ደጋግመው የመረጡትን «ሆቴል ካሊፎርኒያ»ን ወስዷል። ዘፈኑ 6 ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ 4 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ላይ መጀመር አለበት። ድምፃዊው ከመግባቱ በፊት ደግሞ 50 ሴኮንድ ያህል ጊታር ብቻ ይሰማል። አቅራቢው የንግግሩን መጨረሻ በዚህ መግቢያ ላይ ማሳረፍ ይችላል። ሦስት ደቂቃ መናገር ከፈለገ፣ 2 ደቂቃ ከ10 ሴኮንዱን ያለ ሙዚቃ፣ የቀረውን በጊታሩ ላይ ይላል ማለት ነው። እንግዲያው 4 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ላይ አፉን መክፈት አለበት፤ 20 ሴኮንድ ለትንፋሽና ለዝምታ ይተርፈዋል።

ወረቀቱ ስንት ቃል ይያዝ? አማርኛ በእርጋታ ሲነበብ በደቂቃ ከ100 ቃል ብዙ አይበልጥም። ሦስት ደቂቃ ማለት 300 ቃል ገደማ ነው፤ በእጅ ጽሑፍ አንድ ገጽ ተኩል ቢሆን ነው። አቅራቢው በመጀመሪያ የጻፈው አራት ገጽ ከሆነ ምን ይቁረጥ? የጣቢያውን ኃላፊዎች ዝርዝር። እነሱን ቢሮ ሄዶ ማመስገን ይቻላል። ከዚያ የስፖንሰሮቹን። የሥራ ባልደረቦቹን ስም ሁሉ መጥራትም ችግር አለው፤ አንድ ሰው ከተረሳ ቅሬታው ከምስጋናው ይበልጣል። የሚቀረው ምንድን ነው? ሦስት ወይም አራት ምርጫዎች፣ ሰው በዓይኑ ሊያያቸው በሚችል መልኩ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«እንደምን አመሸህ። ዛሬ የመጨረሻዬ ነው። ለገጣፎ ላይ የሚሠራ ሕንፃ ትጠብቅ የነበርከው ወንድሜ፣ አንድ ዘፈን ደጋግመህ ስትጠይቀኝ ሰልችቶኝ አያውቅም። ሰበታ ላይ ከባድ መኪናህን አቁመህ የምትደውልልኝ፣ ከኋላህ የሚሰማው የሞተር ድምፅ ናፍቆኛል። ሱሉልታ ያላችሁ ደግሞ፣ ግማሹን ብቻ እየሰማችሁ ሙሉውን ላመሰገናችሁኝ፣ ምን ብዬ ልመልስላችሁ?»

የሱሉልታው ነገር እውነተኛ ምክንያት አለው። የኤፍ ኤም ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። እንጦጦ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል። ከከተማው በኩል የሚሰራጨውን ድምፅ ከተራራው ማዶ ላለው ሰው ይጋርድበታል። ስለዚህ ሰዉ አንቴናውን ያዞራል፣ ሽቦ ያስረዝማል፣ ሬዲዮውን መስኮት ላይ ያስቀምጣል። የከተማ ዳር አድማጭ ለዚያ አንድ ዘፈን የሚከፍለው ልፋት ይህ ነው። አቅራቢው ይህን እንደሚያውቅ በአንድ ዐረፍተ ነገር መናገሩ ከአሥር «እወዳችኋለሁ» ይበልጣል።

ስም ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከሃያ ዓመት በፊት «ለእከሊት ይጋበዝልኝ» ያለ ወጣት ዛሬ ሌላ ትዳር ይኖረዋል። እሷም እንዲሁ። ያን ጊዜ ስሙ በአየር ላይ ተነግሯል ተብሎ ዛሬ መድገም ቤት ሊያምስ ይችላል። ሰፈሩን፣ ሥራውን፣ ዘፈኑን መጥቀስ ይበቃል። ባለቤቱ ራሱን ያውቃል።

እንባ ቢመጣስ? ይምጣ። ሦስት አራት ሴኮንድ ዝምታ አድማጭ ይረዳዋል። ከዚያ ሲረዝም ግን ሁለት ነገር ይፈጠራል። አንደኛ፣ ብዙ ጣቢያዎች ዝምታን የሚለይ መሣሪያ አላቸው፤ ድምፅ ከጠፋ ማንቂያ ይጮሃል ወይም ሌላ ሙዚቃ በራሱ ይገባል። ሁለተኛ፣ ሱሉልታ ያለው ሰው ሞገዱ የጠፋ መስሎት አንቴናውን መነካካት ይጀምራል። መፍትሔው ከቴክኒሽያኑ ጋር አስቀድሞ መስማማት ነው። አቅራቢው እጁን ካነሳ ጊታሩ ወዲያው ይገባል። የቀረውን ንግግር በዚያ ላይ ይጨርሳል፤ ባይጨርስም ዘፈኑ ይሸፍነዋል። ሰዓቱ ከደረሰ በኋላ ግን መጨመር የለም። በተለይ መጨረሻ ላይ ሁለቱ ጊታሮች የሚቀባበሉበት ቦታ ላይ ማውራት አይገባም። ሮክ የሚመርጥ ሰው ያን ሁሉ ደቂቃ የጠበቀው ለዚያ ነው። ዘፈኑ እየቀነሰ ሄዶ ይጠፋል፤ ዜናው ይገባል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ ያልተጫወቱት ምርጫዎች። በመጨረሻው ሳምንት ጥያቄው ስለሚበዛ ሁሉንም ማድረስ አይቻልም። ንግግሩ ውስጥ ሁለት ዐረፍተ ነገር ለእነሱ መተው አለበት፦ የቀሩት ምርጫዎች ማን እጅ እንደሚገቡ፣ ከየትኛው ምሽት ጀምሮ መጫወት እንደሚጀምሩ፣ ስልኩም ያው ይሁን ወይስ ይቀየር። ከስርጭቱ በኋላም ዝርዝሩን ለተተኪው በእጁ መስጠት የአቅራቢው ሥራ ነው።