ፎቶን በትዕዛዝ ደጋግሞ «ኤዲት» ማድረግ ምንድን ነው? ያልጠቀስነውስ ለምን ይለወጣል?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «ኤአይ የነገርከውን ብቻ ነው የሚነካው፤ ሌላው ከተበላሸ ትዕዛዝህ ግልጽ አልነበረም ማለት ነው» ብሎ ሲጽፍ አነበብኩ። ቱሉ ዲምቱ ባለው ፎቶ ቤታችንም ይህንኑ የሚነግሩኝ ደንበኞች በዝተዋል። ስህተት ነው። ስህተቱ ደግሞ ሰውን በከንቱ ጥፋተኛ ያደርጋል።

ያሳሳተን «ኤዲት» የሚለው ቃል ነው። እኔ ፎቶሾፕ ላይ የአንድን ሰው ኮሌታ ሳጸዳ ብሩሹ ያረፈበት ቦታ ብቻ ይለወጣል። ከዚያ ውጭ ያለው እያንዳንዱ ፒክስል በቁጥሩ እንደነበረ ይቀመጣል። በጽሑፍ የሚታዘዙት መሣሪያዎች ግን፣ ቦታ ካልከለልንላቸው በስተቀር፣ አሮጌውን ፎቶና ትዕዛዙን ተመልክተው ምስሉን ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ ይሠሩታል።

ለሸማኔ ነጠላ ወስዳችሁ «ጥለቱ ላይ ያለውን ቀይ ክር በአረንጓዴ ቀይርልኝ» አላችሁት እንበል። ይህ ሸማኔ ክሩን አይመዝም። ነጠላችሁን አይቶ፣ አዲስ ድር አድርቶ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሌላ ነጠላ ይሸምናል። አረንጓዴው በቦታው አለ፣ ነጠላው የእናንተን ይመስላል፣ ግን አንድም ክር የእናንተ አይደለም። በማግስቱ «ዘርፉን አሳጥርልኝ» ስትሉት ደግሞ ሦስተኛውን ነጠላ የሚሸምነው ሁለተኛውን አይቶ ነው። ሁለተኛው ላይ የሳተው ነገር ለሦስተኛው ትክክለኛ ናሙና ሆነ ማለት ነው።

በዚያ ላይ ሸማኔው የሚሠራው ስለ ነጠላው ከያዘው አጭር ማስታወሻ ነው። አሠራራቸው በይፋ ከታወቀው መሣሪያዎች አንዱን፣ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣውን ስቴብል ዲፊውዥንን ብንወስድ፣ ፎቶውን ጎንና ጎኑ 8 ፒክስል በሆነ ካሬ ይከፋፍለዋል። በአንዱ ካሬ ውስጥ 64 ፒክስል አለ፤ እያንዳንዱ ሦስት የቀለም ቁጥር ስላለው 192 ቁጥር ይሆናል። ይህ በ4 ቁጥር ይጠቃለላል። በኋላ ከመጡት አንዳንዶቹ 16 ቁጥር ይይዛሉ፤ በጣም የተሻለ ነው፣ ግን አሁንም ማሳጠር ነው። ሰፊ ግድግዳ ወይም ሰማይ በዚህ ማስታወሻ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው ትንሽና ብርቅ የሆነው ነገር ነው፦ የዓይን ሽፋሽፍት፣ ታፔላ ላይ ያለ ፊደል፣ የጥለት ቅርጽ፣ ንቅሳት።

በቅርቡ አንዲት ደንበኛዬ ለእናቷ ሙት ዓመት ትልቅ ፎቶ ልታሳትም መጣች። ፎቶው በስልክ የተነሳ፣ ስፋቱ 4000 ፒክስል የሆነ ነው። እናትየው ነጠላቸውን አጣፍተው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፣ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት አለ፣ እግራቸው ሥር ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል። ልጅቷ ቤቷ ሆና አራት ትዕዛዝ በየተራ ሰጥታለች፦ ጀሪካኑን አጥፋ፣ ግድግዳውን ነጭ አድርግ፣ ፊታቸውን አብራ፣ ነጠላውን ትከሻቸው ላይ አስተካክል። የመጨረሻውን ይዛ መጥታ «ሁሉም ያልኩትን አድርጓል፤ ግን እማዬ አይደለችም እኮ» አለችኝ።

ደግነቱ አራቱንም ውጤት አስቀምጣ ነበር። ዋናውን ፎቶ በመጀመሪያው ውጤት ልክ አሳንሼ፣ አንዱን በሌላው ላይ ደርቤ፣ የሌየሩን ሁኔታ `Difference` ላይ አደረግሁት። እዚህ ላይ ያልተለወጠ ነገር ጥቁር ሆኖ ይታያል። የነገርነውን ብቻ የሚነካ ቢሆን ኖሮ የጀሪካኑ ቅርጽ ብቻ መታየት ነበረበት። የታየው ግን የሴትየዋ ሙሉ ምስል ነው፤ የፊታቸው ጠርዝ፣ ጣቶቻቸው፣ የጥለቱ መስመር በሙሉ በስሱ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ገና በመጀመሪያው ትዕዛዝ!

ውጤቱ የወጣው በ1024 ፒክስል ስፋት ስለሆነ በዋናው ላይ 40 ፒክስል የነበረው መስቀል ወደ 10 ወርዷል። በጥቂት ካሬዎች ውስጥ የሚያልቅ ነገር ሆነ ማለት ነው። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ክንዶቹ ደብዝዘዋል፣ ከሁለተኛው በኋላ ነጥብ መስሏል። ሦስተኛው ዙር ሌላ ነገር ጨመረ። «ፊታቸውን አብራ» የሚለው ትዕዛዝ ብርሃን ብቻ ይዞ አልመጣም። መሣሪያው ከተማረባቸው ፎቶዎች ውስጥ የበራ ፊት ብዙ ጊዜ የለሰለሰ ፊት ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ አመጣቸው። የእናትየው ፊት ሽብሽብ ቀለለ፣ ነጥቡም እንደ እድፍ ተቆጥሮ ተጠረገ። በአራተኛው ላይ ነጠላው ተስተካክሏል፣ ጥለቱ ግን የሌላ ሰው ነጠላ ጥለት ነው።

እዚህ ላይ የሸማኔው ምሳሌ ይጎድላል። ሸማኔ የሚሳሳተው ሲደክመው ነው፤ ስህተቱም ወደየትም ሊሄድ ይችላል። ይህ መሣሪያ አይደክምም። ማስታወሻው ያልያዘውን ነገር የሚሞላው ብዙ ጊዜ ካየው ነገር ነው። ስለዚህ በየዙሩ ሰውየው ከራሱ እየራቀ ወደ ተለመደ መልክ ይጠጋል።

«ሌላውን ምንም አትንካ ብለህ ጨምርበት» ላለው አስተያየት ሰጪ ደግሞ፦ አዎ፣ አንዳንዴ ይረዳል፤ እኔም እጽፈዋለሁ። ግን ዓረፍተ ነገሩ ቁልፍ አይደለም፣ ከትዕዛዞቹ መካከል አንዱ ነው። መልሶ ማዘዝም አያድንም። ሥራው በዘፈቀደ ከተበተኑ ነጥቦች ተነስቶ ደረጃ በደረጃ እየጠራ የሚሄድ ስለሆነ «መስቀሉን መልስ» ቢባል የሚስለው ሌላ መስቀል ነው። የእሳቸው መስቀል ያለው ዋናው ፎቶ ላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወደ ዋናው ተመለስን። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አስላክኳት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ተጨምቆ ስለሚደርስ ሌላ ጉዳት ይጨመርበታል። ጀሪካኑን በማስክ ከልዬ እሱን ብቻ አስጠፋሁ። ማስክ አለ ብሎ መተማመንም አይገባም። አንዳንዱ መሣሪያ ከማስኩ ውጭ ያለውንም አሳጥሮ መልሶ ስለሚዘረጋው፣ ከውጤቱ የጀሪካኑን ቦታ ብቻ ቆርጬ በዋናው ላይ እንደ ሌየር አስቀመጥኩት። ግድግዳውንና የፊቱን ብርሃን በእጄ ሠራሁ፤ ለዚያ ኤአይ አያስፈልግም። ነጠላውን እንዳለ ተውነው።

ቀኑ ምሽት እንዲመስል የፎቶው ብርሃን በሙሉ ይቀየር ቢባል ማስክ አይበቃም ነበር። ያን ጊዜ የማደርገው ትዕዛዞቹን በሙሉ በአንድ ጽሑፍ ሰብስቤ ከዋናው ፎቶ ላይ አንዴ መስጠት ነው፤ ካልጣመኝም ውጤቱን ሳይሆን ጽሑፉን አርሜ እንደገና ከዋናው እጀምራለሁ። ጉዳቱ አይቀርም፣ ግን የአንድ ዙር ጉዳት ብቻ ይሆናል።

ስለ ኅትመት ካልተናገርኩ አይሆንልኝም። 1024 ፒክስል በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሆኖ፣ ሲታተም 9 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስልክ ላይ ያማረው ሲተልቅ ነው የሚጋለጠው። ዋናው 4000 ፒክስል ግን 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣለት። ልጅቷ ወረቀቱ ከማተሚያው እንደወጣ መጀመሪያ ያየችው ግንባራቸውን ነው፤ አራቱም የመስቀሉ ክንዶች አሉ። ጀሪካኑ የነበረበት ቦታ ላይ የሲሚንቶው መስመር በጥቂቱ ተዛንፏል፤ አሳየኋት፣ እንዲያ ይሁን አለች።