አውቶማቲክ ሰዓት ሳይታሰር ሲቀር ለምን ይቆማል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሁለት ቀን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ቆመ። ባትሪው አልቋል።»

ውስጡ ባትሪ የለም። አጎቴ ከጅዳ የመጣለትን ሲኮ 5 ይዞ አንድ ሱቅ ገባና «ባትሪ ቀይሩልኝ» አለ። «ቀይረናል» ብለው ገንዘብ ተቀበሉት። ሰዓቱ በእርግጥ ተነሥቷል። ያስነሣው ግን እጅ ላይ ሲገለባበጥ የደረሰበት መነቅነቅ ነው። ነገሩ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የአጎቴ ሰዓት ማሽን 7ኤስ26 ይባላል። ለብዙ ዓመታት በሲኮ 5 ሰዓቶች ውስጥ ሲገጠም የኖረ ነው፤ እኛም ዘንድ ብዙ እጅ ላይ አለ። የጀርባ ክዳኑ ሲከፈት ግማሽ ክብ የሆነች ከበድ ያለች ብረት ትታያለች። ሮተር ትባላለች። እጃችን ሲንቀሳቀስ ትዞራለች። ስትዞር ደግሞ በጥርሶች አማካኝነት ረጅምና ስስ የሆነ የብረት ሞላ ትጠቀልላለች። ሞላው ያለው ከበሮ በመሰለች ትንሽ ክብ ቤት ውስጥ ነው። ቀስ እያለ ሲፈታ ሰዓቱ ይሄዳል። ሌላ የጉልበት ምንጭ የለውም።

«አውቶማቲክ አይደል? በራሱ መሄድ አለበት። ከቆመ ተበላሽቷል።»

አውቶማቲክ የተባለው ሞላውን በራሱ ስለሚሞላ ብቻ ነው። ለመሙላቱም የሰው እጅ ይፈልጋል። መብላቱን ግን ታሰረም አልታሰረም አያቆምም። 7ኤስ26 በሰከንድ 6 ጊዜ ይመታል፤ በሰዓት 21,600 ማለት ነው። እያንዳንዷ ምት ከሞላው ጥቂት ጉልበት ትወስዳለች። ሙሉ የሆነ ሞላ 41 ሰዓት ያህል ይዘልቃል። ስናባዛው 885,600 ምት ይሆናል። ፓወር ሪዘርቭ የሚባለው ይህ ነው፦ ሞላው ሙሉ ከሆነበት ደቂቃ ሰዓቱ እስኪቆም ያለው ጊዜ።

እስቲ በአጎቴ ሳምንት እናስላው። አርብ ማታ 12 ሰዓት ላይ አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ቅዳሜና እሁድ አያስረውም። ሞላው ሙሉ ከነበረ 41 ሰዓቱ የሚያልቀው እሁድ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ነው። ሰኞ ጠዋት መሳቢያውን ሲከፍት 5 ሰዓት አካባቢ ላይ ቆሞ ያገኘዋል። ምንም አልተበላሸም። እንዲያውም ጤነኛ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው።

«41 ሰዓት ይሄዳል ተብሎ ነው የገዛሁት። አርብ ማታ አውልቄው ቅዳሜ ከሰዓት ቆመ። አታለሉኝ።»

ቁጥሩ የሚሠራው ሞላው ጢም ብሎ ሲሞላ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። አርብ ማታ የወለቀው ሰዓት ግማሽ ብቻ ቢሆንስ? 20 ሰዓት ይሄድና ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይቆማል።

ግማሽ ሆኖ የሚቀረው እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጥ ሰው እጁ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። ሮተሯ በትንሹ ብትነቃነቅ ነው። በአንጻሩ በእግሩ የሚሄድ፣ ዕቃ የሚያነሣ፣ ምግብ የሚያበስል ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከሚበላው በላይ ይሞላዋል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሰዓት ለአናጢው ሁለት ቀን ሊጠጋ ይሄዳል፤ ለሒሳብ ሠራተኛው አንድ ቀንም ላይሞላ ይችላል። ጥፋቱ የሰዓቱ አይደለም። ሌሊት አስረው ሲተኙም ያው ነው፤ ቆጣሪዎቹ ይሄዳሉ እንጂ ሞላው ብዙም አይሞላም።

ሌላም ነገር አለ። ሞላው ሊያልቅ ሲል ግፊቱ ይደክማል። ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዘው ትንሿ ጎማ የውዝዋዜዋ ስፋት ይቀንሳል፤ ሰዓቱም ከወትሮው ሊፈጥን ወይም ሊዘገይ ይችላል። 41 ሰዓት የሚለካው እስኪቆም ነው። ልክ ሆኖ የሚቆጥርበት ጊዜ ከዚያ ያጥራል።

«ብዙ ከተነቀነቀ ወይ ከተሞላ ሞላው ይበጠሳል።»

ይህ ስጋት የመጣው በእጅ ከሚሞሉት የአባቶቻችን ሰዓቶች ነው። በእነዚያ ላይ ሞላው ጫፉ የተቆለፈ ስለሆነ ሲሞላ ጥብቅ ብሎ «በቃኝ» ይላል፤ ከዚያ በላይ በጉልበት ማዞር ጉዳት አለው። የአውቶማቲክ ሞላ ጫፉ አልተቆለፈም። የክብ ቤቷን ግድግዳ ተጭኖ ይይዛል። ሞልቶ ሲተርፍ ይንሸራተታል። ቀኑን ሙሉ ቢሮጡበትም ትርፉ በዚያ ይወጣል።

7ኤስ26ን በመሙያው አዙሮ መሙላት አይቻልም፤ ተስቦ ቀንና ሰዓት ለማስተካከል ብቻ ነው። የቆመውን ለማስነሣት አግድም ይዞ ለግማሽ ደቂቃ ያህል በእርጋታ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ነው። መደብደብ አያስፈልግም። ይህ ግን ያስነሣዋል እንጂ አይሞላውም፤ ቀሪውን የሚሞላው ሲታሰር ነው። ተተኪው 4አር36 በመሙያውም ይሞላል።

«ቆሞ ከከረመ ይበላሻል። የሚያዞር ሳጥን ልግዛለት።»

ለሲኮ 5 አያስፈልግም፤ ገንዘቡን ለሰርቪስ ያቆዩት። ሰዓቱ ቢሄድም ባይሄድም የውስጡ ዘይት ከዓመታት ብዛት ይደርቃል። ሳጥኑ ዘይቱን አያድሰውም፤ ሰዓቱን ሌት ተቀን ያሠራዋል እንጂ። የሚጠቅመው ካላንደሩ ውስብስብ ለሆነና ከቆመ በኋላ ማስተካከሉ ለሚያስቸግር ሰዓት ነው።

«ከቆመ በኋላ ቀኑን በማንኛውም ሰዓት ባስተካክል ምን አለበት?»

አለበት። ቆጣሪዎቹ ከ9 እስከ 4 ባለው መካከል ሲሆኑ ቀን የሚለውጡት ጥርሶች ተያይዘው ሊሆን ይችላል። ያኔ ቀኑን በመሙያው መለወጥ ጥርስ ሊሰብር ይችላል። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ መጀመሪያ የሰዓት ቆጣሪውን ወደታች፣ 6 አካባቢ አወርዳለሁ። ከዚያ ቀኑን አስተካክላለሁ። በመጨረሻ ቆጣሪዎቹን ወደ ትክክለኛው ሰዓት አዞራለሁ።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ለሚያስተካክል ሰው ደግሞ ቀኑ የሚለወጠው ቆጣሪው 12ን ሲያልፍ ስለሆነ ንጋት ወይም ማታ ላይ ይሆናል። ማታ ከተለወጠ ቆጣሪዎቹን 12 ሰዓት ወደፊት ማዞር ነው። አደጋው የሚታየውም ሰዓቱ በሚያሳየው ቁጥር ነው እንጂ በውጪው ጨለማ አይደለም።

«ቶሎ የሚቆም ሰዓት ሁሉ አርጅቷል።»

ሳይለኩ አይፈረድም። ሁለት ሦስት ቀን እጅዎ ላይ አስረው ይንቀሳቀሱ። ከዚያ አውልቀው የወለቀበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ይጻፉ። ሲቆም ቆጣሪዎቹ መቼ እንደቆመ ራሳቸው ይነግሯችኋል፤ የቀኑን ቁጥርም አብራችሁ እዩ። ከ38 ሰዓት በላይ ከሄደ ደህና ነው። ሁለት ጊዜ ለክታችሁ 25 ላይ ከቆመ፣ ወይም እጃችሁ ላይ እያለ ከቆመ፣ ወይም ሲነቀነቅ ብረት የሚፋቅ ድምፅ ካሰማ፣ ያኔ ሰዓት ሠሪ ጋ ይሂድ። ስትሰጡት «ባትሪ» አትበሉ። «ከሞላ በኋላ 25 ሰዓት ብቻ ይሄዳል» በሉት።